ካሜራው በርቷል፣ ኬብሉ ተሰክቷል፣ ኮምፒውተሩ ግን ጭጭ ብሏል

ሰሎሜ_ም | ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ፣ እባካችሁ እርዱኝ።

ካሜራዬ ካኖን 1300ዲ ነው። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 10 ነው። ካርዱ ላይ የእህቴ የምርቃት ፎቶዎች አሉ፣ ከ600 በላይ ይሆናሉ። ካሜራውን በኬብል ላፕቶፑ ላይ እሰካዋለሁ፣ ካሜራውን አበራለሁ፣ ከዚያ ምንም የለም። ድምፅ የለም፣ የሚከፈት መስኮት የለም፣ This PC ውስጥም አይታይም። ካሜራው ራሱ ደህና ነው። ያነሳል፣ ያነሳሁትንም ያሳየኛል።

እስካሁን የሞከርኩት ይህን ነው፦ ላፕቶፑ ላይ ባሉት ሦስቱም ቀዳዳዎች ሰክቻለሁ፣ ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጌያለሁ፣ የካሜራውን ባትሪ አውጥቼ መልሻለሁ። ዓምና በሌላ ኮምፒውተር ያለ ምንም ችግር ይሠራ ነበር። ላፕቶፔ የካርድ ማስገቢያ የለውም፣ ካርድ ሪደርም የለኝም።

ፎቶዎቹ ሌላ ቦታ የሉም። ስለዚህ ካርዱን የሚያጠፋ ነገር መሞከር አልፈልግም።

---

ጌች | ሰኞ ማታ

ድራይቨር ነው። እኔም ደርሶብኝ ያውቃል። የካሜራውን ሶፍትዌር ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደሽ ጫኚ፣ ከዚያ ሪስታርት አድርጊ። ያልቅልሻል።

---

ሰሎሜ_ም | ሰኞ ማታ

አመሰግናለሁ ጌች። አውርጄ ጫንኩት። ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ ግን «ካሜራ አልተገናኘም» የሚል ነገር ነው የሚለኝ። ያው ነው።

---

አዳነ_ፎቶ | ማክሰኞ ጠዋት

ሰሎሜ፣ አይዞሽ። ፎቶዎቹ ካርዱ ላይ ናቸው፣ እስካሁን ያደረግሽው ነገርም አንዱንም አልነካም። ሌላ ነገር ከመጫንሽ በፊት ግን አንድ ነገር እንድታዪልኝ እፈልጋለሁ።

Start ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጊና Device Manager የሚለውን ክፈቺ። ረጅም ዝርዝር ይመጣል። እሱን እያየሽ ካሜራውን አብሪና ኬብሉን ሰኪ። ዓይንሽን ከዝርዝሩ አታንሺ። ከሦስት ነገሮች አንዱ ይሆናል።

አንደኛው፣ ዝርዝሩ ብልጭ እንኳ አይልም። ሁለተኛው፣ ብልጭ ይልና Unknown USB Device የሚል ነገር ይመጣል። ሦስተኛው፣ የካሜራው ስም ወይም MTP USB Device የሚል ይመጣል፣ ግን አጠገቡ ቢጫ ምልክት አለው።

ድራይቨር የሚባለው ነገር ሥራ የሚጀምረው ሦስተኛው ላይ ነው። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ «አንድ ዕቃ መጥቷል» ማለት አለበት። ከዚያ በኋላ ነው «ይህን ዕቃ በምን ቋንቋ ላናግረው?» ብሎ ድራይቨር የሚፈልገው። ዝርዝሩ ካልተንቀሳቀሰ የፈለግሽውን ድራይቨር ብትጭኚ ለውጥ የለውም። ጌች የሰጠሽ ምክር ስህተት አይደለም፣ ግን ቦታው እዚያ ነው።

ኬብሉስ ከካሜራው ጋር የመጣው ነው?

---

ሰሎሜ_ም | ማክሰኞ ቀትር

አሁን አየሁት። ዝርዝሩ ንቅንቅ አይልም። አምስት ጊዜ ነቅዬ ሰካሁት፣ ምንም።

ኬብሉ ከካሜራው ጋር የመጣው አይደለም። እሱ ከጠፋ ቆይቷል። ይህኛው የትንሽ ስፒከር ኬብል ነው፣ ጫፉ ግን ልክክ ብሎ ይገባል። ስፒከሩንም እስከ ዛሬ ቻርጅ ያደርጋል፣ ስለዚህ ኬብሉ ደህና ይመስለኛል።

---

የሱፍ_አበባ | ማክሰኞ ቀትር

እህቴ ይህ እኮ ቀላል ነው። ስልክሽን ስትሰኪ ከላይ ወደ ታች ሳቢው። Charging this device via USB የሚል ታያለሽ። እሱን ንኪና File transfer የሚለውን ምረጪ። ወዲያው ፎልደሩ ይከፈታል። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

---

ሰሎሜ_ም | ማክሰኞ ቀትር

አመሰግናለሁ የሱፍ አበባ፣ ግን ስልክ አይደለም። ካሜራ ነው። እንደዚያ የሚሳብ ነገር የለውም።

---

የሱፍ_አበባ | ማክሰኞ ቀትር

ይቅርታ፣ ርዕሱን ብቻ አይቼ ነው። ካሜራም ላይ እንደዚያ ያለ ምርጫ ይኖር ይሆናል፣ ሜኑው ውስጥ እዪ።

---

አዳነ_ፎቶ | ማክሰኞ ማታ

«ስፒከሩን ቻርጅ ያደርጋል» ያልሽው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

መደበኛ የዩኤስቢ ኬብል ውስጥ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ። ቀዩና ጥቁሩ ኃይል ያስተላልፋሉ። አረንጓዴውና ነጩ ደግሞ ዳታ ያመላልሳሉ። ፎቶ የሚሄደው በእነዚህ በሁለቱ ነው። ከስፒከር፣ ከመብራት፣ ከጺም መላጫ ጋር የሚመጡ ብዙ ኬብሎች ግን ለቻርጅ ብቻ የተሠሩ ናቸው። አረንጓዴና ነጭ የላቸውም።

አንድ ጊዜ እንደዚህ ያለ ኬብል ግማሽ ቀን አቃጥሎብኝ ስለነበር በመጨረሻ መሃሉ ላይ ቆረጥኩት። የውጭውን ፕላስቲክ በምላጭ ገፈፍኩ። ከውስጥ ቀይና ጥቁር ብቻ ወጣ። ቀሪው ቦታ በነጭ ክር ተሞልቶ ነበር፣ ኬብሉ ወፍራም እንዲመስል። ከውጭ ሲታይ ከዳታ ኬብል በምንም አይለይም ነበር።

ስለዚህ ኬብልሽ ስፒከር ቻርጅ ማድረጉ ቀዩና ጥቁሩ መኖራቸውን ብቻ ነው የሚነግርሽ። ኮምፒውተሩ የዕቃውን መምጣት የሚያውቀው በዳታ ሽቦዎቹ በኩል ነው። እነሱ ከሌሉ ዝርዝሩ ሊንቀሳቀስ አይችልም። አንቺ ያየሽው ልክ እንደዚያ ነው።

ሳይቆረጥም መፈተን ይቻላል። ያንን ጫፍ የሚቀበል፣ ፋይል የሚይዝ ሌላ ዕቃ ፈልጊ። የድሮ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም የድሮ ሙዚቃ ማጫወቻ ብዙውን ጊዜ ያንኑ ሚኒ ዩኤስቢ የሚባለውን ጫፍ ነው የሚጠቀመው። በዚያ ኬብል ሰክተሽ ፋይሎቹ ከተከፈቱ ኬብሉ ዳታ ያስተላልፋል። ካልተከፈቱ ኬብሉን ከካሜራው አርቂው።

---

ጌች | ማክሰኞ ማታ

ሃርድ ዲስክ መፈለግ ሳያስፈልግ፣ ኬብሉ ካሜራውን ቻርጅ ያደርግ እንደሆነ ማየት ትችያለሽ። ካላደረገ ኬብሉ ተበላሽቷል ማለት ነው።

---

አዳነ_ፎቶ | ማክሰኞ ማታ

ጌች፣ አንዳንድ አዳዲስ ካሜራዎች በዩኤስቢ ቻርጅ ያደርጋሉ። ይህኛው ግን አያደርግም። ባትሪው ወጥቶ በራሱ ቻርጀር ነው የሚሞላው። ስለዚህ በጣም ጥሩ ኬብል ብትሰካበትም ምንም አይሞላም። ደህናውን ኬብል ልትጥል ትችላለች።

---

ሰሎሜ_ም | ረቡዕ ማታ

ከሥራ ባልደረባዬ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከነኬብሉ ተዋስኩ። ጫፉ ተመሳሳይ ነው።

መጀመሪያ በእኔ ኬብል ሃርድ ዲስኩን ሰካሁ። መብራቱ በራ፣ ላፕቶፑ ላይ ግን ምንም አልመጣም። ከዚያ በራሱ ኬብል ሰካሁት። ወዲያው ድምፅ ሰጠ፣ ፋይሎቹ ተከፈቱ። አዳነ ልክ ነህ፣ ኬብሌ የቻርጅ ብቻ ነው።

በደስታ ያንኑ ጥሩ ኬብል ወደ ካሜራው ወሰድኩት። ሰካሁ፣ አበራሁ። አሁንም ጭጭ! Device Managerን ከፍቼ እያየሁ ነው፣ ንቅንቅ የለም። ሃርድ ዲስኩን መልሼ ስሰካ ይሠራል፣ ካሜራው ላይ ስወስደው ዝም። አሁን የፈራሁት የካሜራው ቀዳዳ ተበላሽቶ እንዳይሆን ነው። ጥገና ልውሰደው?

---

ጌች | ረቡዕ ማታ

ኬብሉ ደህና፣ ላፕቶፑ ደህና ከሆነ የቀረው የካሜራው ሶኬት ነው። ጥገና ያስፈልገዋል።

---

አዳነ_ፎቶ | ረቡዕ ማታ

አትውሰጂው፣ ቆዪ። ፈተናሽ በጣም ጥሩ ነው። ኬብሉንና ላፕቶፑን ከጥርጣሬ አውጥተሻቸዋል። የቀረው ካሜራው ነው፣ እዚህ ድረስ ጌች ትክክል ነው። ካሜራው ሲባል ግን ሶኬቱ ብቻ አይደለም፣ ሴቲንጉም አለ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። በቅርቡ ከዚህ ካሜራ ወደ ስልክሽ በዋይፋይ ፎቶ ልከሻል?

ልከሽ ከሆነ ይህን አድርጊ። መጀመሪያ ኬብሉን ንቀዪ። ይህ ግድ ነው፣ ምክንያቱም ኬብልና ዋይፋይ በዚህ ካሜራ ላይ አብረው አይሠሩም። ከዚያ MENU ተጫኚና ቢጫ የመፍቻ ምልክት ወዳላቸው ገጾች ሂጂ። Wi-Fi/NFC የሚል መስመር አለ። Enable ላይ ከሆነ Disable አድርጊው። ካሜራውን አጥፊ፣ ኬብሉን ሰኪ፣ መልሰሽ አብሪ።

ምክንያቱ ይህ ነው። በዚያ ዘመን በወጡ ብዙ የካኖን ኢኦኤስ ካሜራዎች ላይ ዋይፋይ ክፍት እስከሆነ ድረስ ካሜራው በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አይነጋገርም። የመመሪያ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል፣ ግን ከኋላ በኩል በአንዲት ትንሽ ማሳሰቢያ ነው። ካሜራው ራሱ ደግሞ በስክሪኑ ላይ «ዋይፋይ ስለተከፈተ ነው» ብሎ አይነግርሽም። ዝም ነው የሚለው። ብዙ ሰው ደህናውን ካሜራ ጥገና የሚወስደው በዚህ የተነሳ ነው።

---

ሰሎሜ_ም | ረቡዕ ማታ

አዳነ!!! እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

አዎ፣ የምርቃቱ ዕለት ማታ እህቴ ለጓደኞቿ መላክ ስለፈለገች 4 ፎቶ ወደ ስልኳ በዋይፋይ ልኬላት ነበር። ያን ቀን ነው የከፈትኩት። ከዚያ ወዲህ እንደተከፈተ ቀርቶ ነበር።

ነቀልኩ፣ Disable አደረግኩ፣ መልሼ ሰካሁ፣ አበራሁ። ያ ድምፅ! Device Manager ውስጥ Portable Devices የሚል መስመር ተጨመረ፣ ከሥሩ Canon EOS 1300D ይላል። This PC ውስጥም መጣ። ገባሁ፣ DCIM የሚል ፎልደር፣ በውስጡ 100CANON፣ በውስጡ ፎቶዎቹ። የእህቴን ፊት ትንሽዬ ሆኖ በስክሪኑ ላይ ሳየው ዕንባዬ መጣ።

አሁን ሁሉንም መርጬ ኮፒ እያደረግኩ ነው።

---

ሰሎሜ_ም | ረቡዕ ሌሊት

ደግሞ ሌላ። 230ኛው ፎቶ አካባቢ ኮፒ ማድረጉ ቀጥ አለ። መስኮቱ ተዘጋ፣ ካሜራውም ከዝርዝሩ ጠፋ። ነቅዬ ስሰካ እንደገና ይመጣል፣ ኮፒ ስጀምር ግን ትንሽ ሄዶ ይቆማል። ፎቶዎቹ ተበላሽተው ይሆን?

---

አዳነ_ፎቶ | ሐሙስ ጠዋት

አልተበላሹም ብዬ አስባለሁ። ከካሜራ ኮፒ ስታደርጊ ኮምፒውተሩ ያነባል እንጂ ካርዱ ላይ አይጽፍም። ንባቡ መሃል ቢቋረጥ የሚጎዳው ኮምፒውተሩ ላይ ግማሽ ሆኖ የቀረው ቅጂ ነው። ዋናው ካርዱ ላይ አለ። ስለዚህ Cut እንዳትዪ፣ ከካርዱ ላይም ምንም እንዳታጠፊ። Copy ብቻ።

መሃል ላይ የሚያቋርጠው አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ ነው። ካሜራው ከኬብሉ ኃይል አይወስድም ብያለሁ። ይህን ሁሉ ሰዓት እየሠራ ያለው በባትሪው ነው። ስክሪኑ ላይ ባትሪው ስንት ያሳያል?

ሌላው Auto power off ነው። መፍቻ ምልክቱ ገጽ ላይ ታገኚዋለሽ። 30 ሰከንድ ላይ ከሆነ ወደ 15 ደቂቃ ከፍ አድርጊው። ሲጨርስ መልሺው።

ከዚያ 600ውን በአንድ ጊዜ አትምረጪ። 100፣ 100 እያደረግሽ ኮፒ አድርጊ። ቢቋረጥ እንኳ የት ላይ እንደቆመ ታውቂያለሽ። የመጨረሻውን ፋይል ግን ክፈቺና እዪው። የታችኛው ክፍሉ ግራጫ ሆኖ ከቀረ ግማሽ ቅጂ ነው። እሱን ከኮምፒውተሩ አጥፍተሽ እንደገና ኮፒ አድርጊው።

---

ቢኒ_ኤ | ሐሙስ ቀትር

ይህን ክር ሳነብ የእኔ ትዝ አለኝ። የእኔ ሶኒ ነው፣ ታሪኩ ግን ይመሳሰላል። ኮምፒውተሩ ካሜራውን ያየዋል፣ ድምፅም ይሰጣል፣ ግን ምንም ፎልደር አይከፈትም። ሁለት ኬብል ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም።

በመጨረሻ ካሜራው ሜኑ ውስጥ USB Connection የሚል አገኘሁ። PC Remote ላይ ነበር። ይህ ካሜራውን ከኮምፒውተር ሆኖ ለማዘዝ ነው እንጂ ፎቶ ለማውጣት አይደለም። ስቱዲዮ ውስጥ ጓደኛዬ ተውሶኝ እሱ ነው የቀየረው። Mass Storage አደረግኩት፣ እንደ ፍላሽ ተከፈተ።

የሱፍ አበባ ቅድም «ካሜራም ላይ እንደዚያ ያለ ምርጫ ይኖር ይሆናል» ያለችው ለእኔ ካሜራ ልክ ነው።

---

አዳነ_ፎቶ | ሐሙስ ቀትር

ትክክል ቢኒ። ልዩነቱንም ልብ በሉ። የቢኒ ኮምፒውተር ድምፅ ሰጥቷል፣ የሰሎሜ አልሰጠም። ድምፁ ካለ ኬብሉን መቀየር ትርፉ ድካም ነው፣ ቀጥታ ወደ ካሜራው ሜኑ ወይም ወደ ድራይቨሩ መሄድ ይሻላል። የካኖኑ ሜኑ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ምርጫ የለም፣ ሰሎሜ አትፈልጊው።

---

የሦስት_ልጆች_እናት | ሐሙስ ማታ

ጤና ይስጥልኝ። በሰው ክር መግባቴን ይቅር በሉኝ፣ የእኔ እዚህ ካለው ጋር ስለሚቀራረብ ነው። ልጄ አዲስ ላፕቶፕ ገዝቶልኝ ነው፣ ካሜራዬ ድሮ በአሮጌው ኮምፒውተር ደህና ይሠራ ነበር፣ በዚያው ኬብል። አዲሱ ላይ ስሰካው ድምፅ ይሰጣል። እንደተባለው Device Managerን ከፍቼ አየሁ፣ MTP USB Device ይላል፣ ቢጫ ሦስት ማዕዘን አለበት። ፎልደር አይከፈትም። ይህ እንግዲህ ሦስተኛው ነው ማለት ነው?

---

አዳነ_ፎቶ | ሐሙስ ማታ

አዎ እማማ፣ ሦስተኛው ነው። ኬብልዎም ካሜራዎም ደህና ናቸው፣ ኮምፒውተሩ አይቶታል፣ ግን ሊያናግረው አልቻለም። ጌች መጀመሪያ ያለው ነገር ለእርስዎ ነው የሚሠራው።

ሌላ ከመጫንዎ በፊት አንድ ነገር ይዩልኝ። Start ላይ winver ብለው ይጻፉና ይክፈቱት። የዊንዶውሱ ስም መጨረሻ ላይ N የምትል ፊደል አለች? ለምሳሌ Windows 11 Pro N የሚል?

---

የሦስት_ልጆች_እናት | ሐሙስ ማታ

አለች። Windows 11 Home N ይላል።

---

አዳነ_ፎቶ | ሐሙስ ማታ

እንግዲያው ምክንያቱ እሱ ይመስለኛል። N የሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት የሙዚቃና የቪዲዮ ክፍሎቹ ተነሥተውለት ነው የሚመጣው። ካሜራና ስልክ የሚያናግረው ክፍልም አብሮ ተነሥቷል። ለመመለስ Settings ውስጥ ከላይ ያለው መፈለጊያ ላይ Optional features ብለው ይጻፉ። እሱን ሲከፍቱ አዲስ ለመጨመር የሚል ቁልፍ አለ፣ View features ይላል። በዝርዝሩ ውስጥ Media Feature Pack የሚለውን ፈልገው ይጫኑ። ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ሲያልቅ ሪስታርት ያድርጉና ካሜራውን ይሰኩት። ክፍያ የለውም።

---

የሦስት_ልጆች_እናት | ዓርብ ጠዋት

ተከፈተ! ቢጫው ጠፋ፣ ፎቶዎቹ መጡ። ዕድሜ ይስጥህ ልጄ።

---

ማርቆስ_ዘ | ዓርብ ቀትር

ሁሉንም አነበብኩት። እኔ ግን አንድ ነገር ልናገር። ይህ ሁሉ ድካም ካርድ ሪደር ቢኖር አይመጣም ነበር። ካርዱን ከካሜራው አውጥተህ ሪደሩ ላይ ሰክተህ ያልቃል። የካሜራ ሴቲንግ የለ፣ የካሜራ ባትሪ የለ። ደግሞም ከአሮጌ ካሜራ ኬብል ይልቅ በጣም ይፈጥናል። እኔ ካሜራ በኬብል ከሰካሁ ዓመታት አልፈዋል።

---

አዳነ_ፎቶ | ዓርብ ቀትር

በዚህ ከማርቆስ ጋር እስማማለሁ፣ እኔም በየቀኑ የምጠቀመው ሪደር ነው። ግን ሪደርም የራሱ አደጋ አለው፣ አንዱን ልንገራችሁ።

አሮጌ ሪደር ትልቅ ካርድ ላያነብ ይችላል። ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆኑት ካርዶች ኤስዲኤክስሲ ይባላሉ፣ እነሱ ከመምጣታቸው በፊት የተሠራ ሪደር በትክክል ላይረዳቸው ይችላል። ያን ጊዜ ዊንዶውስ You need to format the disk before you can use it ብሎ ይጠይቃል። ሰው ደንግጦ Format ይጫናል። እባካችሁ Cancel በሉ። ካርዱን ወደ ካሜራው መልሱና እዩ። ካሜራው ፎቶዎቹን ካሳየ ካርዱ ደህና ነው፣ ችግሩ የሪደሩ ነው።

---

ትዕግሥት_ደ | ዓርብ ማታ

ማርቆስ፣ እኔ አልስማማም። ካርዱን በየቀኑ ማውጣትና ማስገባት ማስገቢያውን ያላላዋል። የኔ ካሜራ የድሮ ነው፣ ሲኤፍ ካርድ ነው የሚጠቀመው። ማስገቢያው ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠኑ 50 ፒኖች አሉ። አንድ ቀን ካርዱን ትንሽ አጣምሜ አስገባሁትና አንዱ ፒን ታጠፈ። ካሜራው ካርድ ማንበብ አቆመ። ከዚያ ወዲህ ካርዱን አላወጣም፣ በኬብል ብቻ ነው።

---

ማርቆስ_ዘ | ዓርብ ማታ

ለሲኤፍ እውነትሽን ነው። ኤስዲ ካርድ ግን እንደዚያ ያለ ፒን የለውም፣ ማስገቢያው ቶሎ አይጎዳም። የኬብሉ ሶኬትም እኮ በመንቀልና በመሰካት ይላላል። አንዱ ከአንዱ አይሻልም።

---

ትዕግሥት_ደ | ዓርብ ማታ

ሶኬቱ ቢላላ ካርዱን ማውጣት እችላለሁ። ማስገቢያው ቢበላሽ ግን ፎቶ ማንሳትም አልችልም። እኔ የማየው እንደዚያ ነው።

---

ጌች | ቅዳሜ ጠዋት

ስለ ሶኬት ከተነሣ የእኔን ልጠይቅ። አዳነ ሁለተኛው ያልከው የእኔ ነው። ስሰካው Unknown USB Device ይላል፣ ቀጥሎ Device Descriptor Request Failed። ኬብሉ ደህና ነው፣ በሌላ ዕቃ ሞክሬዋለሁ። ሌላ ኮምፒውተር ላይም ያው ነው። ኬብሉን ካሜራው በኩል ወደ ላይ ገፋ አድርጌ ስይዘው ለጥቂት ሰከንድ ይመጣል፣ ስለቀው ይጠፋል። ድራይቨሩን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጭኛለሁ።

---

አዳነ_ፎቶ | ቅዳሜ ጠዋት

ያ መልእክት ማለት ኮምፒውተሩ ዕቃ መሰካቱን አውቋል፣ «ማነህ?» ብሎ ጠይቋል፣ ግን የተሟላ መልስ አልመጣለትም። ድራይቨሩን ተወው። ገፋ ስታደርገው መምጣቱ ራሱ መልስ ነው። አንዱ የዳታ መስመር አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይለቃል።

መጀመሪያ ካሜራውን አጥፋ፣ ባትሪውን አውጣና ሶኬቱን በጥሩ ብርሃን ውስጡን እየው። ከቦርሳ የሚገባ ብናኝ ጥግ ላይ ተጠቅጥቆ ጫፉን እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያደርገዋል። ካለ በደረቅ የእንጨት ስንጥር ቀስ ብለህ አውጣው። ብረት እንዳታስገባ፣ ፒኖቹ በቀላሉ ይታጠፋሉ።

ንጹሕ ሆኖም ያው ከሆነ ሶኬቱ ከቦርዱ ጋር የተበየደበት ቦታ ለቆ ይሆናል። እሱን ያለ ብየዳ አይመልሱትም። ሳላየው ግን እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። እስከዚያ ሪደር ተጠቀም። ኬብሉን በእጅህ ይዘህ ኮፒ ማድረጉን ግን ተው፣ መሃል ላይ እየተቋረጠ ግማሽ ፋይል ነው የሚያስቀርልህ።

---

ጌች | ቅዳሜ ቀትር

ብናኝ ነበረ፣ አወጣሁት። ትንሽ ተሻለ፣ ግን አሁንም ይቋረጣል። የሚበይድልኝ ሰው ጋ አሳያለሁ። ውጤቱን እጽፋለሁ።

---

ሰሎሜ_ም | ቅዳሜ ማታ

ተጠናቀቀ! ስለዘገየሁ ይቅርታ።

ባትሪው የመጨረሻዋ መስመር ላይ ደርሶ ነበር። ሙሉ ሌሊት ቻርጅ አደረግኩት። Auto power offም 30 ሰከንድ ላይ ነበር፣ 15 ደቂቃ አደረግኩት። ሁለቱን አንድ ላይ ስለቀየርኩ የትኛው እንደነበር አሁን መለየት አልችልም። ግን አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። መቶ መቶ እያደረግኩ በሰባት ዙር ጨረስኩ።

ካሜራው ላይ ፎቶ ከፍቼ DISP የሚለውን ደጋግሜ ስጫን ጥግ ላይ አጠቃላይ ቁጥሩን ያሳያል፣ 612 ይላል። ላፕቶፑ ላይ ያለውን ፎልደር ቆጠርኩት፣ 611 ሆነ። ልቤ ደነገጠ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር መካከል አንዷን ዘልያት ነበር። IMG_0214 ናት። ደግሜ ሄጄ አመጣኋት። አሁን 612። በረቡዕ ሌሊቱ ላይ የቀረችውን ግማሽ ግራጫ ፎቶም አግኝቼ ቀይሬያታለሁ።

IMG_0214 እህቴ ቆቡን ስትወረውር ነው። ቆቡ አየር ላይ ነው፣ እሷ ዓይኗን ጨፍናለች።

---

አዳነ_ፎቶ | ቅዳሜ ማታ

እንኳን ደስ አለሽ ሰሎሜ። ካርዱን ግን ገና ፎርማት አታድርጊው። መጀመሪያ ሌላ ቦታ ላይ፣ ያ የተዋስሽው ሃርድ ዲስክ ላይም ቢሆን ባለቤቱን አስፈቅደሽ፣ አንድ ተጨማሪ ቅጂ አስቀምጪ።

---

ሰሎሜ_ም | ቅዳሜ ማታ

አስፈቅጃለሁ፣ አሁን ኮፒ እያደረገ ነው። የስፒከሩን ኬብል ጫፉ ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ፣ ሁለተኛ ከካሜራ ጋር እንዳይቀላቀል።